ካርታው በማን ስም ነው?

(በሰፈራችን የእድር አዳራሽ ለጎረቤቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። መጨረሻ ላይ የተነሱትን ጥያቄዎችም ጨምሬያለሁ።)

እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶች፣ ወንድሞች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ቢሮዬ ከሚመጡ ባለጉዳዮች በብዛት የምሰማው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። «ካርታው በእሱ ስም ነው፤ እኔ ምን አለኝ?» ይሉኛል። ይህን የሚሉት ሃያ ዓመት በትዳር የኖሩ፣ ልጆች ያሳደጉ ሴቶች ናቸው። ሊብሬው በሚስታቸው ስም ስለሆነ ተስፋ ቆርጠው የሚመጡ ወንዶችም አሉ። ዛሬ የምነግራችሁ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው። መልሱን አሁኑኑ ልንገራችሁ። ካርታው ወይም ሊብሬው በአንዳችሁ ስም መሆኑ ብቻ ንብረቱን የዚያ ሰው አያደርገውም። ግን ይህን መብት ፍርድ ቤት ሄዶ ለመጠየቅ መጀመሪያ ባልና ሚስት መሆናችሁ መታወቅ አለበት። ከዚያ ደግሞ የትኛው ንብረት ከየት እንደመጣ ማሳየት ይመጣል። ብዙ ሰው የሚጎዳው ሕጉ ስለማይጠብቀው አይደለም። የሚያስረዳበት ወረቀት በእጁ ስለሌለ ነው።

የምናገረው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ስለሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። አዋጅ ቁጥር 213/1992 ይባላል። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። በብዙው ነገር ይመሳሰላሉ፤ ግን ጉዳያችሁ ክልል ውስጥ ከሆነ የዚያን ክልል ሕግ አስነብቡ።

ከጋብቻው እንጀምር። ሕጉ ሦስት ዓይነት አፈጻጸም ያውቃል። በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸም አለ፤ እኛ «ማዘጋጃ ቤት ተፈራረሙ» የምንለው ነው። በሃይማኖት የሚፈጸም አለ፤ ተክሊሉ፣ ቁርባኑ፣ ኒካሁ። በባህል የሚፈጸምም አለ፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ። ሦስቱም በሕግ ፊት እኩል ጋብቻ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ያገባ ሰው ማዘጋጃ ቤት ስላልሄደ «ሕጋዊ ሚስት አይደለችም» የሚባል ነገር የለም።

ታዲያ ለምን ይመዘገባል? ሕጉ በየትኛውም መንገድ የተፈጸመ ጋብቻ በመዝገብ እንዲገባ ያዝዛል። ምዝገባው ጋብቻውን አይፈጥረውም፤ ጋብቻው የሚጸናው ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ነው። ምዝገባው ያስረዳላችኋል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ ሥራ የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ከዚያ ወዲህ ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሁለታችሁም መታወቂያና ፎቶግራፍ ይዛችሁ፣ ምስክሮቻችሁን አስከትላችሁ ወረዳ ትሄዳላችሁ። በሃይማኖት ከሆነ ያገባችሁት፣ ከእምነት ተቋሙ የተሰጣችሁን ማስረጃ ያዙ። የቆየ ጋብቻም ይመዘገባል። «አሁንማ አርጅተናል» ብላችሁ አትተዉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። የምስክር ወረቀቱን እንደተቀበላችሁ ከመስኮቱ ሳትርቁ ቀኖቹን አንብቡ። ጋብቻው የተፈጸመበት ቀን ሌላ ነው፤ የተመዘገበበት ቀን ሌላ ነው። በ2001 ተጋብታችሁ በ2012 ብትመዘገቡ፣ የጋብቻው ቀን 2001 ተብሎ መጻፍ አለበት። ተሳስቶ 2012 ከተባለ፣ በመካከል ባሉት 11 ዓመታት የተገዛው ቤት «ከጋብቻ በፊት የነበረ» ይመስላል። ያን ማቃናት ደግሞ ሌላ ክርክር ነው።

ወረቀቱ የሌለው ሰውስ? መብቱ አልጠፋም። ሕጉ የባልና ሚስትነት ሁኔታን በምስክር ማስረዳት ይፈቅዳል። ራሳቸውን እንደ ባልና ሚስት ቆጥረው ይኖሩ ነበር ወይ? ቤተሰቡና አካባቢውስ እንደዚያ ያያቸው ነበር ወይ? ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው ይህን ነው። ምስክሮቹ ዘመድም ባዳም ሊሆኑ ይችላሉ። የእድር መዝገብ፣ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ የልጆች የልደት ማስረጃ ያግዛሉ። ሌላው ወገን ግን በራሱ ምስክሮች ሊያስተባብል ይችላል። «የቤት ሠራተኛዬ ነበረች» ተብሎ የተከራከሩባት እናት አውቃለሁ። አሥራ አራት ዓመት ከኖረችበት ቤት ወጥታ፣ ሚስት እንደነበረች ለማስረዳት ጎረቤት ስትለምን ማየት ያማል። አንድ ወረቀት ቢኖራት ያ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ባልየው ወረዳ ሄዶ «ያላገባ» የሚል ማስረጃ ያወጣል። ጋብቻው በመዝገብ ስለሌለ ማስረጃው ይሰጠዋል። ያንን ይዞ ውልና ማስረጃ ይሄድና ቤቱን ይሸጣል። ውልና ማስረጃ ቤት ሲሸጥ የጋብቻ ሁኔታን የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ያገባ ከሆነ ሁለቱም ቀርበው ይፈርማሉ፤ ያላገባ ከሆነ ማስረጃውን ያቀርባል። ሚስትየው ይህን የምትሰማው ገዢው ቁልፍ ሊቀይር ሲመጣ ነው።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ ላይ ግልጽ ነው። የጋራ የሆነ ቤትን መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማከራየት ወይም በመያዣ ማስያዝ የሁለቱን ስምምነት ይፈልጋል። ከ500 ብር በላይ መበደር፣ ማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዋስ መሆንም እንዲሁ። አዎ፣ 500 ብር፤ ቁጥሩ በ1992 የተጻፈ ነው። ያለ ስምምነት ከተደረገ ያልተስማማው ወገን ውሉ እንዲፈርስለት ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ጊዜው ግን አጭር ነው። ካወቀበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ብቻ ነው ያለው። ባያውቅም እንኳ ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ አይችልም። አሁን እነዚህን ሁለት ነገሮች አያይዟቸው። ያልተመዘገበች ሚስት በመጀመሪያ ሚስትነቷን ታስረዳለች። ያ ራሱ ወራት ይፈጃል። ስድስቱ ወር ግን ቆሞ አይጠብቃትም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው የውል ማፍረሻውን ክስ በጊዜው ያቅርብ። «መጀመሪያ ሽማግሌ ይየው» እየተባለ ስድስት ወር ያለፈባቸው ሰዎች አሉ። በዚያ ላይ ገዢው ንብረቱ የጋራ መሆኑን አላውቅም ነበር ብሎ ይከራከራል፤ በእጁም «ያላገባ» የሚል ማስረጃ አለው።

አሁን ወደ ንብረቱ እንምጣ። በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት ሁሉ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ በአንዱ ስም ቢመዘገብም። የግሌ ነው የሚል ሰው ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። «የጋራ ነው» የሚለው ወገን የጋራ መሆኑን የማስረዳት ሸክም የለበትም። ደመወዝ የጋራ ነው። የሱቅ ትርፍ የጋራ ነው። ዕቁብ የጋራ ነው። በማን ሒሳብ ውስጥ እንደገባ አይታይም። ማን ገንዘብ አመጣ፣ ማን ቤት ዋለ ተብሎም አይሰፈርም። ቤት የዋለችው ሚስትና ሲነግድ የዋለው ባል እኩል ናቸው።

የግል የሚባለው ሁለት ነው። አንዱ ከጋብቻ በፊት የነበረ ነው። ሌላው በጋብቻ ውስጥ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ ብቻ የመጣ ነው። ሰው የሚዘነጋው ግን የግል ንብረት የሚያፈራው ገቢ የጋራ መሆኑን ነው። ከአባቷ የወረሰችው ቤት የእሷ ነው። የዚያ ቤት ኪራይ ግን የሁለቱ ነው።

ቀጥሎ የምነግራችሁ ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የግል ንብረቴን ሸጬ በገንዘቡ ሌላ ንብረት ብገዛ፣ አዲሱ ንብረት የማን ነው? ሕጉ የግል ሊሆን ይችላል ይላል። ግን በራሱ አይሆንም። ፍርድ ቤት አመልክታችሁ «ይህ የግል ሀብት ነው» የሚል ውሳኔ ማግኘት አለባችሁ። ይህን የሚያደርግ ሰው በጣም ጥቂት ነው። በፍቅር መካከል ፍርድ ቤት መሄድ ማን ያስባል? ለዚህ ነው ክርክሩ በኋላ የሚመጣው።

ሌላም አለ። «ቤት ውስጥ ተፈራርመናል» የሚሉኝ አሉ። ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ እያሉ እርስ በርስ የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። «ሱቁ የእሷ ይሁን፣ መኪናው የእኔ ይሁን» ብላችሁ በሽማግሌ ፊት ብትፈርሙም፣ ፍርድ ቤት ያላየው ወረቀት ነው። የጋብቻ ውል ከፈለጋችሁ ከጋብቻ በፊት ወይም በዕለቱ በጽሑፍ አድርጉት። አራት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ ሁለት በእሱ በኩል፣ ሁለት በእሷ በኩል።

ፍቺን በተመለከተ ደግሞ አንድ የቆየ ግንዛቤ መቀየር አለበት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጊዜ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ዛሬም ብዙ ሰው ሽማግሌ «ተለያዩ» ብሎ ከፈረመ የተፋታ ይመስለዋል። አይደለም። አሁን ጋብቻን የሚያፈርስ ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ሙስሊሞች ሁለቱም ተስማምተው ከፈቀዱ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊዳኙ ይችላሉ፤ ያም ፍርድ ቤት ነው። የሽማግሌዎች ሥራ ማስታረቅ ነው።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በስምምነት ነው። ስለ ልጆቹና ስለ ንብረቱ የተስማማችሁትን ጽፋችሁ ታቀርባላችሁ፤ ፍርድ ቤቱ ነጻ ፈቃዳችሁ መሆኑን አይቶ ያጸድቀዋል። ሁለተኛው አንዱ ወገን ብቻ ሲጠይቅ ነው። ምክንያት መጻፍ ይቻላል፤ ግዴታ ግን አይደለም። ዳኛው እንዲታረቁ ያነጋግራል። ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁ ሊልካቸው ይችላል። ካልሆነ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ይሰጣል። ይህ ሁሉ ካልሠራ፣ የሽማግሌዎቹ ሪፖርት ከደረሰው ወይም የማሰላሰያው ጊዜ ካለቀ በአንድ ወር ውስጥ ፍቺውን ይወስናል። ስለዚህ «እኔ ካልፈረምኩ አይፋታኝም» የሚባለው እውነት አይደለም።

ክሱ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆች አያያዝ፣ ስለ ቀለብ፣ ማን ቤቱ ውስጥ እንደሚቆይና ንብረቱን ማን እንደሚያስተዳድር ጊዜያዊ ትዕዛዝ መስጠት ይችላል። ማን ከቤት ይውጣ የሚለውን ሲወስን የልጆቹን ሁኔታ ያያል። በዚያው ቀን ቤቱና መኪናው እንዳይሸጡ እግድ ጠይቁ። እግዱ ሲሰጥ ደብዳቤውን ራሳችሁ ተከታትላችሁ ለመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤቱና ለትራንስፖርት ቢሮ አድርሱት። መዝገብ ውስጥ የተቀመጠ እግድ ሽያጭ አያስቆምም።

«እሷ ናት ያጠፋችው፤ ስለዚህ ምንም አይገባትም» ይባላል። በድሮው ሕግ ጥፋተኛው ከድርሻው ሊቀነስበት ይችል ነበር። አሁን የጋራ ሀብት እኩል ይከፈላል። ለፍቺው ምክንያት የሆነው ሰው፣ ፍርድ ቤቱ ተገቢ ሆኖ ካገኘው፣ ለሌላው ካሣ ሊከፍል ይችላል። ያ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ የክፍፍሉን ግማሽ አይነካም።

አሁን አንድ ምሳሌ እንሥራ። የአንድ ቤተሰብ ታሪክ አይደለም፤ ከብዙ መዝገብ የለመድኩትን አቀናብሬ ነው። ቁጥሮቹን እንዲቀሉ አድርጌያቸዋለሁ።

ባልየው ከጋብቻ በፊት አንድ ቤት ነበረው። ከተጋቡ በኋላ በግቢው ውስጥ ከጋራ ገንዘባቸው 400,000 ብር አውጥተው ሰርቪስ ቤት ሠሩ። በጋብቻ ውስጥ በባንክ ብድር ኮንዶሚኒየም ገዙ፤ ካርታው በእሱ ስም ነው። ዛሬ 3,000,000 ብር ያወጣል፤ 600,000 ብር የባንክ ዕዳ አለበት። ሚስትየው አባቷ ሲሞቱ የውርስ ድርሻዋን ሸጣ 900,000 ብር አገኘች። እሱን ከቁጠባቸው ጋር ደምረው ሚኒባስ ገዙ። ሚኒባሱ ዛሬ 1,600,000 ብር ያወጣል። ፍርድ ቤት ሄዳ ስለ ሚኒባሱ ምንም ውሳኔ አላወጣችም። አሁን ሊፋቱ ነው።

በመጀመሪያ የግል የሆነው ይወጣል። የድሮው ቤት የባልየው ነው፤ ይወስደዋል። ሰርቪሱ የተሠራው ግን በጋራ ገንዘብ ነው። የእሱ የግል ሀብት በጋራው ኪሳራ አድጓል። ስለዚህ 400,000 ብሩን ለጋራው ይመልሳል። እዚህ ላይ በወጪው ነው ያሰብነው። ክርክር ሲኖር ባለሙያ ተልኮ ግምት ይወጣል፤ ደረሰኝና የሠራተኛ ክፍያ ማስረጃ ያለው ሰው ይጠቀማል።

ከዚያ የጋራው ይደመራል። ኮንዶሚኒየሙ 3,000,000፣ ሚኒባሱ 1,600,000፣ የሰርቪሱ 400,000። ድምሩ 5,000,000 ብር ነው። ከመከፈሉ በፊት ዕዳ ይወጣል፤ የባንኩ 600,000 ሲቀነስ 4,400,000 ይቀራል።

የሚስትየው ውርስስ? ውሳኔ ስላላወጣች ሚኒባሱ የጋራ ነው። ግን ሕጉ አንድ በር ትቶላታል። የግል ንብረቷ እንደተሸጠና ዋጋው ወደ ጋራው እንደገባ ካስረዳች፣ ያንን ያህል ከክፍፍሉ በፊት ታነሳለች። 900,000 ብር ትወስዳለች ማለት ነው። ቀሪው 3,500,000 እኩል ይከፈላል፤ ለእያንዳንዳቸው 1,750,000 ይደርሳል። እሷ በድምሩ 2,650,000 አላት። እሱ 1,750,000 አለው፤ ከዚያ ውስጥ 400,000 ሰርቪሱ ላይ ስላለ የሚረከበው 1,350,000 ነው።

ማስረጃ ከሌላትስ? የውርስ ድርሻዋን የሸጠችበት ውል ጠፍቷል፤ ገንዘቡን በጥሬው ተቀብላ በጥሬው ሰጥታለች እንበል። ያኔ 4,400,000 እኩል ይከፈላል። 2,200,000 ይደርሳታል። ልዩነቱ 450,000 ብር ነው። የአባቷ ርስት ግማሹ ለባልየው ሄደ ማለት ነው። ማንም አልበደላትም፤ ወረቀቱ ነው የጎደለው። የሽያጩ ውልና ገንዘቡ ባንክ የገባበት ደረሰኝ ቢኖሩ ይበቃት ነበር።

ደግሞ ይህን አስተውሉ። ማስረጃ ቢኖራትም የምታነሳው ወደ ጋራው ያስገባችውን 900,000 ብር ነው። ሙሉ በሙሉ በውርስ ገንዘቧ የተገዛ መኪና ቢሆንና በጊዜው የግል ነው የሚል ውሳኔ ብታወጣ ኖሮ መኪናውን ራሱን ትወስድ ነበር። ዋጋው ቢጨምርም ጭማሪው የእሷ ይሆን ነበር። የንብረት ዋጋ በየዓመቱ በሚንርበት አገር ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

የቀረው አከፋፈሉ ነው። ሕጉ የሚያስቀድመው በዓይነት መካፈልን ነው። ሚኒባሱን እሷ ትውሰድ እንበል፤ 1,600,000 ሆነ። 1,050,000 ይቀራታል። ባልየው ኮንዶሚኒየሙን ከነዕዳው ከወሰደ በእጁ 2,400,000 የሚያወጣ ነገር ገባ። 1,050,000 ብር ሲከፍላት እሱም 1,350,000 ይቀረዋል። ሒሳቡ ተዘጋ። እሱ መክፈል ካልቻለ እሷ ቤቱን ወስዳ ልትከፍለው ትችላለች። ካልተስማሙ ቤቱ በጨረታ ይሸጣል። እኔ ደንበኞቼን ሁልጊዜ ከጨረታ በፊት እንዲስማሙ እለምናለሁ። ጨረታ ወራት ይወስዳል፤ የሚገኘው ዋጋም ብዙ ጊዜ ገበያ ላይ ካለው ያንሳል። በዚያ መካከል ልጆቹ የት እንደሚያድሩ አያውቁም።

ከስብሰባው የተነሱትን ጥያቄዎች እንዲህ መልሼአለሁ።

አንድ አባት «እኔና ባለቤቴ ከተለያየን ዘጠኝ ዓመት ሆነን። እኔ በኋላ የገዛሁት መሬት ላይ መብት አላት?» ብለው ጠየቁኝ። አባቴ፣ ሻንጣ ይዞ መውጣት ፍቺ አይደለም። ፍርድ ቤት ካላፈረሰው ጋብቻው በወረቀት ላይ አለ፤ በዚያ ጊዜ ያፈሩትም የጋራ ነው የሚል ክርክር ሊቀርብብዎ ይችላል። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ለረጅም ዓመት ተለያይተው የየራሳቸውን ሕይወት የመሠረቱ ሰዎች ጋብቻ እንደፈረሰ የቆጠረባቸው ጉዳዮች አሉ። ያ ግን በየጉዳዩ ማስረጃ ተመዝኖ ነው። ለክርክር ከሚተዉት ዛሬውኑ ፍቺውን ይጨርሱ። ውሳኔውንም ግልባጭ አውጥተው ወረዳ ያስመዝግቡት፤ ፍቺም እንደ ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ካልተመዘገበ ነገ ቤት ሲሸጡ ውልና ማስረጃ «ባለቤትዎ ይምጡ» ይልዎታል።

አንዲት ወጣት ሳይጋቡ ለአምስት ዓመት አብረው እንደሚኖሩ ነገረችን። ባልና ሚስት ሳይሆኑ እንደ ባልና ሚስት የሚኖሩ ሰዎችን ሕጉ ያውቃቸዋል። ከሦስት ዓመት ላላነሰ ጊዜ አብረው ከኖሩ፣ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል። አንቺ አምስት ዓመት ሞልቶሻል። የሚያስቸግረው የጀመራችሁበትን ቀን ማስረዳት ነው። የጋራ ኪራይ ውል ካላችሁ አስቀምጪው።

መጨረሻ የጠየቀችኝ እህት ከቤይሩት ለእረፍት የመጣች ነበረች። ባለቤቷ እዚህ ነው፤ እሷ ሰባት ዓመት ገንዘብ ልካለች። ቤቱ የተሠራው ግን በባሏ ወንድም ስም ነው። ይህ ከዛሬው ሁሉ ይከብዳል፤ ስለዚህ በቀጥታ ልንገርሽ። ንብረቱ የጋራ ነው የሚለው ግምት የሚሠራው በባል ወይም በሚስት ስም ለተመዘገበ ነው። በሦስተኛ ሰው ስም የተመዘገበ ቤት ላይ አይሠራም። እዚያ ላይ የማስረዳት ሸክሙ ይዞራል፤ ገንዘቡ የእናንተ እንደነበር የምታስረዱት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ የላክሽበትን የእያንዳንዱን ሐዋላ ደረሰኝ ሰብስቢ። ባንኩ የቆየውን ዝርዝር እንዲሰጥሽ ጠይቂ። ስለ ቤቱ ከባልሽና ከወንድሙ ጋር የተጻጻፋችሁትን መልእክት አታጥፊው። ወደ ቤይሩት ከመመለስሽ በፊትም ለምታምኚው ሰው ውክልና ስጪ። ውክልናው ላይ መክሰስና እግድ መጠየቅ የሚሉት በስም ይጻፉ፤ ጥቅል ውክልና ብቻ ይዞ የመጣን ሰው ፍርድ ቤት ሊመልሰው ይችላል። ስትመጪ ሰኞ ቢሮ ነኝ፤ ደረሰኞቹን ይዘሽ ነይ።